ዜሮ ወይም አንድ፦ በባለሁለት ጫፍ ወረፋ አጭሩን መንገድ መፈለግ

ዜሮ-አንድ የስፋት ፍለጋ በግራፍ ላይ አጭሩን መንገድ የሚያገኝ አልጎሪዝም ነው። የሚሠራው ነጥቦቹን የሚያገናኙት መስመሮች ዋጋ ዜሮ ወይም አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ገደቡ የጠበበ ይምሰል እንጂ ብዙ ጥያቄዎች በዚህ መልክ ሊቀርቡ ይችላሉ። ለምሳሌ ጎዳናዎቹ ሁሉ ባለአንድ አቅጣጫ በሆኑበት ከተማ፣ ከአንድ መስቀለኛ ተነስቶ ሌላው ለመድረስ ቢያንስ የስንት ጎዳና አቅጣጫ መገልበጥ አለበት? ጎዳናውን በተፈቀደው አቅጣጫ መሄድ ዋጋው ዜሮ ነው። በተቃራኒው ለመሄድ ግን ጎዳናው መገልበጥ ስላለበት አንድ ያስከፍላል። የመንገዱ ጠቅላላ ዋጋ የሚገለበጡት ጎዳናዎች ቁጥር ነው።

መስመሮቹ ሁሉ እኩል ዋጋ ቢኖራቸው የተለመደው የስፋት ፍለጋ ይበቃ ነበር። በዚያ ዘዴ አዲስ የተገኘ ነጥብ ከወረፋው ኋላ ይሰለፋል፣ ተራው የደረሰው ከፊት ይወጣል፤ የቀረበው ሁልጊዜ ከራቀው ይቀድማል። ዋጋዎቹ የተለያዩ ሲሆኑ ደግሞ በ1959 የታተመው የዳይክስትራ አልጎሪዝም አለ። እሱ የሚጠቀመው የቅድሚያ ወረፋ ትንሹን ርቀት ሁልጊዜ ከላይ ለማድረግ ነጥቦቹን ያደራጃል፤ ለዚህም በየገቡና በየወጡ ቁጥር ይደክማል። ወረፋው አንድ ሚሊዮን ያህል ነጥብ ቢይዝ አንዱን ማውጣት እስከ ሃያ ደረጃ የሚደርስ ማስተካከያ ሊጠይቅ ይችላል። ዋጋው ዜሮና አንድ ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከወረፋው ፊት የወጣው ነጥብ ርቀቱ 3 ነው እንበል። ከእሱ የሚደረስበት ጎረቤት ርቀቱ ወይ 3 ወይ 4 ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። 3 ከሆነ አሁን ከወጣው ጋር እኩል ስለሆነ ከፊት ይገባል። 4 ከሆነ ደግሞ ከኋላ ይሰለፋል። በዚህ አኳኋን በማንኛውም ጊዜ በወረፋው ውስጥ ያሉት ርቀቶች ከሁለት ዓይነት አይበልጡም፦ ከፊት 3ቶች፣ ከኋላ 4ቶች። ማንም ሳይደረድራቸው ተደርድረው ይገኛሉ። የሚያስፈልገው በሁለቱም ጫፍ ማስገባት የሚፈቅድ ወረፋ ብቻ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ዴክ ይሉታል።

ስድስት መስቀለኞች ያሏትን ትንሽ ከተማ እንውሰድ፦ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ እና ቀ። ጎዳናዎቹ ከለ ወደ ሀ፣ ከሀ ወደ መ፣ ከመ ወደ ረ፣ ከረ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሰ፣ ከቀ ወደ ሰ ይሄዳሉ። መነሻው ሀ፣ መድረሻው ቀ ነው።

በመጀመሪያ በወረፋው ውስጥ ያለው ሀ ብቻ ነው፤ ርቀቱም 0። ሀ ሲወጣ ሁለት ጎረቤቶች ይታያሉ። ወደ መ የሚወስደው ጎዳና በትክክለኛው አቅጣጫ ስለሆነ መ በ0 ከፊት ይገባል። ወደ ለ ለመሄድ ግን ጎዳናው መገልበጥ አለበት፤ ስለዚህ ለ በ1 ከኋላ ይሰለፋል። ቀጥሎ መ ይወጣና ረን በ0 ከፊት ያስገባል። ረ ሲወጣ አንድ አዲስ ነገር ይታያል፦ ከረ ወደ ለ ያለ ምንም መገልበጥ ይኬዳል። ለ በ1 ተመዝግቦ ነበር፤ አሁን በ0 ሊደረስበት እንደሚችል ታወቀ። መዝገቡ ይታረምና ለ እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ከፊት፣ ይገባል። የድሮው ለ ደግሞ በ1 እንደተሰለፈ ከኋላ ይቆያል። ከዚያ ለ በ0 ይወጣና ሰን በ0 ያስገባል፤ ሰ ወጥቶ ቀን በ1 ከኋላ ያሰልፋል። አሁን ተራው የድሮው ለ ነው። የያዘው 1 ከተመዘገበው 0 ስለሚበልጥ ሳይታይ ይታለፋል። በመጨረሻ ቀ በ1 ይወጣል፤ መልሱ አንድ ጎዳና መገልበጥ ነው፣ እሱም ከቀ ወደ ሰ የሚመጣው።

ሥራው ሁሉ በኮድ ሲጻፍ ይህን ያህል ነው፦

```python
from collections import deque

def shortest(g, s, n):
    dist = [float("inf")] * n
    dist[s] = 0
    q = deque([(0, s)])
    while q:
        d, u = q.popleft()
        if d > dist[u]:
            continue
        for v, w in g[u]:
            if d + w < dist[v]:
                dist[v] = d + w
                if w == 0:
                    q.appendleft((d, v))
                else:
                    q.append((d + 1, v))
    return dist
```

አንድ ነጥብ ከሁለት ጊዜ በላይ ወረፋ አይገባም። መጀመሪያ ሲገባ ርቀቱ ከፊት ካለው ጋር እኩል ወይም በአንድ የሚበልጥ ነው፤ ስለዚህ ሊሻሻል የሚችለው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ብቻ ነው፤ በለ ላይ የታየውም ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት የሚፈጀው ጊዜ ከነጥቦቹና ከመስመሮቹ ብዛት ድምር ጋር ብቻ ያድጋል። እዚህ ላይ የዴክ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም፦ በፓይተን ተራ ዝርዝር ከፊት ማስገባት የቀሩትን ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ስለሚገፋ በትልቅ ግራፍ ላይ ጥቅሙን ሁሉ ያጠፋዋል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ከተራው የስፋት ፍለጋ ልማድ የሚመጣ ነው። በዚያ ዘዴ ነጥብ ወረፋ እንደገባ «ታይቷል» ተብሎ ይዘጋል፤ እዚያ ምንም ጉዳት የለውም። እዚህ ግን ለ በ1 እንደገባ ቢዘጋ ኖሮ ከረ በኩል የመጣው የ0 መንገድ ተቀባይ ያጣ ነበር። ሰ በ1፣ ቀ በ2 ይመዘገቡና መልሱ ሁለት ይሆናል። ነጥብ የሚዘጋው ከወረፋው ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይደለም። መድረሻውም ገና ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው ፍለጋውን ማቆም የሚቻለው።

ሁለተኛው ስህተት የዜሮውን ጎረቤት ከኋላ ማሰለፍ ነው። ይህ በቀላሉ ይጋለጣል፦ ከወረፋው የሚወጡት ርቀቶች በተከታታይ ቢታተሙ በየትም ቦታ መቀነስ የለባቸውም፤ ከ1 በኋላ 0 ከወጣ ቅደም ተከተሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። ያለጊዜው መዝጋት ግን በዚህ ፈተና አይያዝም። በምሳሌው ላይ ስህተት ያለበት ፕሮግራም ራሱ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 1፣ 2 እያለ በሥርዓት ያወጣል። እሱን የሚያጋልጠው በትንንሽ የዘፈቀደ ግራፎች ላይ መልሱን ከዳይክስትራ መልስ ጋር ማነጻጸር ነው።

ዘዴው ከዜሮና ከአንድ ውጪ ምን ያህል ይዘረጋል? ዋጋዎቹ ዜሮና 7 ብቻ ቢሆኑ ምንም አይለወጥም፤ በወረፋው ውስጥ ያሉት ርቀቶች አሁንም ሁለት ዓይነት ናቸው። ዜሮ፣ አንድና ሁለት ሲቀላቀሉ ግን ይፈርሳል፦ ርቀቱ 5 የሆነ ነጥብ ከኋላ ከተሰለፈ በኋላ 4 ቢመጣ የሚገባበት ትክክለኛ ቦታ በሁለቱም ጫፍ የለም። ባለሁለት መስመሮቹ ጥቂት ከሆኑ እያንዳንዱን መሃሉ ላይ አዲስ ነጥብ ጨምሮ በሁለት ባለአንድ መስመሮች መተካት ይቻላል። ዋጋዎቹ ትንንሽ ሙሉ ቁጥሮች ሆነው ዓይነታቸው ከበዛ ደግሞ ሮበርት ዳያል በ1969 ያሳተመው ዘዴ ይሻላል፤ በእሱ ለእያንዳንዱ ርቀት የራሱ መደብ ይኖረዋል፣ መደቦቹም ከትንሹ ጀምሮ በየተራ ይራገፋሉ። ዋጋው ከዜሮ በታች የሆነ መስመር ካለ ግን ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱም አይሠራም።