ዳታ ዌርሃውስና ዳታ ሌክ፦ ስህተቱ መቼ ይታይ?

ጀምስ ዲክሰን፣ የፔንታሆ ኩባንያ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ሳለ፣ በ2010 «ዳታ ሌክ» የሚለውን ስም አወጣ። ለአንድ ክፍል ተጣርቶ የቀረበውን መረጃ በታሸገ ውሃ፣ እንደመጣ የተከማቸውን ደግሞ በሐይቅ መሰለው። የዳታ ዌርሃውስና የዳታ ሌክ ዋና ልዩነት ያለው ስኪማው፣ ማለትም የዓምዶቹ ስምና የመረጃ ዓይነት፣ ተግባራዊ በሚሆንበት ጊዜ ላይ ነው።

በዳታ ዌርሃውስ ስኪማው ቀድሞ ይወሰናል፤ መረጃው ሲጻፍም ከእሱ ጋር መስማማት አለበት። ይህ «ስኪማ ኦን ራይት» ይባላል። በዳታ ሌክ ፋይሉ እንዳለ ይቀመጥና ስኪማው የሚሠራው ጥያቄ ሲቀርብ ነው፤ ይኸኛው «ስኪማ ኦን ሪድ» ነው።

አንድ የሽያጭ ፋይል ወስደን እንየው። ዓምዶቹ የደረሰኝ ቁጥር፣ የገንዘብ መጠንና ቀን ናቸው።

```
101,2500,2024-03-01
102,ETB 1800,2024-03-01
103,700,2024-03-01
```

የገንዘቡ ዓምድ ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል በተደረገ የፖስትግሬስ ሠንጠረዥ ውስጥ ይህን ፋይል በ`COPY` ለማስገባት ብንሞክር፣ ሥራው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቆማል፦

```
ERROR:  invalid input syntax for type integer: "ETB 1800"
```

በተለመደው አሠራር ትክክለኛዎቹ ሁለት ረድፎችም አብረው ይቀራሉ። ሪፖርቱ ይዘገያል፤ ስህተቱ የት እንዳለ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ያንኑ ፋይል ሌክ ውስጥ አስቀምጠን በሃይቭ ላይ ዓምዱን `INT` ብለን ብንገልጸው ምንም ቅሬታ አይሰማም። ሃይቭ ወደ ቁጥር መለወጥ ያልቻለውን ዋጋ `NULL` አድርጎ ያነበዋል፤ `SUM` ደግሞ `NULL`ን ይዘላል። ስለዚህ ድምሩ 5000 መሆን ሲገባው 3200 ይወጣል። ቁጥሩ እውነት ስለሚመስል ማንም ላይጠራጠር ይችላል። ጉድለቱን የሚያጋልጠው ይህ ነው፦

```
SELECT COUNT(*), COUNT(amount) FROM sales;
```

የመጀመሪያው ቆጠራ 3፣ ሁለተኛው 2 ይላል። መጠኑ ባዶ መሆን የማይገባው ዓምድ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ከታየ፣ መረጃው ጎድሎ ነው የመጣው ወይስ አነባበባችን ነው የተሳሳተው ብሎ መመርመር ግድ ነው።

የሌክ ጥቅሙም እዚሁ ላይ ይገለጣል። `ETB 1800` የሚለው ጽሑፍ ከፋይሉ አልጠፋም። ዓምዱን `STRING` ብለን ደግመን ብንገልጸው ዋጋው እንዳለ ይነበባል፤ ፊደሉን አውጥቶ ቁጥሩን መደመርም ይቻላል። ዌርሃውስ ውስጥ ግን በማጣራት ጊዜ የተጣለ መረጃ፣ ዋናው ፋይል ካልተቀመጠ በቀር፣ አይመለስም።

ብዙ ድርጅቶች ሁለቱን አጣምረው የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው። ጥሬው ፋይል ሌክ ውስጥ ሳይነካ ይቆያል፤ ተጣርቶ የተፈተሸው ወደ ዌርሃውስ ይገባል። የሒሳብ ክፍል የሚያምነውን ድምር ከዌርሃውሱ ያገኛል፤ ነገ አዲስ ጥያቄ የሚያነሳ ባለሙያ ደግሞ ወደ ጥሬው ፋይል ይመለሳል። ሌክን ብቻ የመረጠ ድርጅት ግን ዌርሃውሱ በር ላይ ይሠራለት የነበረውን ፍተሻ እያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ ራሱ ማስገባት አለበት።