ጌም ሲከፈት ብቻ የሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን

ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ፊልም ሲያሳይ፣ ጽሑፍ ሲጻፍበት ይውላል፤ ምንም አይሆንም። ማታ ጌም ተከፍቶ ሃያ ደቂቃ ሲሆነው ድምፁ ይንተባተባል፣ ምስሉ ባለበት ይደርቃል፣ ስክሪኑም ሰማያዊ ይሆናል። ከ2025 ወዲህ በታደሰው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ጥቁር ነው።

ብዙዎች ጥፋቱን በጌሙ ላይ ያሳብቡና አጥፍተው እንደገና ይጭኑታል። ተራ ፕሮግራም ሲበላሽ ግን ብቻውን ነው የሚዘጋው። ዊንዶውስን ይዞ የሚወድቀው ከሥር የሚሠራ ድራይቨር ወይም ዕቃው ራሱ ነው። አንዳንድ ጌሞች የማጭበርበር መከላከያ ድራይቨር ይዘው ስለሚመጡ እነሱም ከጥርጣሬ አያመልጡም። ጌም ራሙን ይሞላል፣ ግራፊክስ ካርዱን እስከ ጥግ ያሠራል፣ ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል፤ በቀላል ሥራ ተደብቆ የዋለው ድካም ያኔ ይወጣል።

ስክሪኑ ግርጌ የሚታየው ስቶፕ ኮድ በስልክ ፎቶ መነሣት አለበት። አንድ ኮድ ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ሦስት አራቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ነገሩ የሚገለጠው።

ለምሳሌ ባለ ሁለት 8 ጊጋባይት ራም ኮምፒውተር በሳምንት ሦስቴ ወደቀ እንበል። መጀመሪያ `MEMORY_MANAGEMENT`፣ ቀጥሎ `IRQL_NOT_LESS_OR_EQUAL`፣ በመጨረሻ `PAGE_FAULT_IN_NONPAGED_AREA` አለ። ሁለተኛው ብቻውን ቢመጣ ብዙውን ጊዜ ድራይቨር ያስጠረጥራል። እዚህ ግን ኮዱ በየጊዜው ተቀያይሯል፤ በተበላሸ ራም ላይ የተቀመጠ መረጃ ማንንም ሊያሰናክል ስለሚችል እንዲህ ያለው መዘበራረቅ ወደ ራሙ ይጠቁማል።

በየጊዜው `VIDEO_TDR_FAILURE` ቢመጣና ከሥሩ `nvlddmkm.sys` ቢጻፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ፋይሉ የኤንቪዲያ ድራይቨር ነው። ግራፊክስ ካርዱ በተለመደው አሠራር ለሁለት ሰከንድ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ እንደገና ሊያስነሣው ይሞክራል፤ ካልተሳካ ይህ ኮድ ይወጣል። ያኔ ድራይቨሩን ጠርጎ አውጥቶ ሌላ ቨርዥን መጫን ይቀድማል። ካልተሻለው ካርዱ ራሱ፣ ሙቀቱ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ይፈተሻል።

ወደ ባለ ሁለት ራሙ እንመለስ። ምንም ሳይገዛ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ማጥፋት ይቻላል። 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ራም ብዙ ጊዜ ያን ፍጥነት የሚያገኘው በዚህ ነው፤ ሲጠፋ ወደ 2133 ወይም 2400 ይወርዳል። መውደቁ ከቆመ ራሙ ወይም ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን አልቻለውም ማለት ነው። ካልቆመ ሜምቴስት86 በፍላሽ ተጭኖ ሌሊቱን ይሮጣል። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ከታየ ራሞቹ ተነቅለው በየተራ፣ በአንድ ቀዳዳ ላይ ይፈተናሉ። ስህተቱ አንዱን ራም ከተከተለ የሚለወጠው እሱ ነው፤ ሁለቱም ላይ ከታየ ቀዳዳው ይጠረጠራል።

ፈተናውን ማለፍ ግን ሙሉ ነፃ መውጣት አይደለም። በሜምቴስት86 ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ስለሚቀመጥ የሳጥኑ ሙቀት የጌሙን ያህል አይደርስም። ስለዚህ ጥርጣሬው ካልለቀቀ አንዱን ራም አውጥቶ ያንኑ ጌም ጥቂት ቀን መጫወት፣ ከዚያም ራሞቹን አቀያይሮ መድገም ይበልጥ ያስተማምናል።