አርባ አንዱ ጠርሙስ

«ሰላም እህቴ፣ ቪዲዮዎችሽን በጣም ነው የምወዳቸው። የጸጉር ዘይታችንን በነጻ ልላክልሽና አንድ ቪዲዮ ትሠሪልኛለሽ?»

ስለ ጸጉርና ስለ ቆዳ የምታወራ፣ ጥቂት ሺህ ተከታይ ያላት የአዲስ አበባ ቲክቶከር ይህን የመሰለ መልእክት ተደጋግሞ ይደርሳታል። ላኪዋ ክፋት የለባትም። የጥብስ ቅጠልና ጥቁር አዝሙድ የገባበት ዘይት አዘጋጅታ በቴሌግራም የምትሸጥ፣ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ አቅሙ የሌላት ነጋዴ ናት። መልእክቷ ግን ሁለት ነገር ጎድሎታል። ልጅቷ ለድካሟ ምን እንደምታገኝ አይናገርም፤ ነጋዴዋም ቪዲዮው ጠቅሟት እንደሆነ በምን እንደምታውቅ አላሰበችበትም። ከትንንሽ የይዘት ፈጣሪዎች ጋር በአግባቡ መሥራት ማለት እነዚህን ሁለት ነገሮች ጠርሙሱ ከመላኩ በፊት መጨረስ ነው።

ከምርጫው እንጀምር። ትንሽ ስንል ከጥቂት ሺህ እስከ ጥቂት አስር ሺህ ተከታይ ያለውን ማለታችን ነው። የተከታዩ ቁጥር ራሱ ግን ብዙ አይነግርም፤ ቲክቶክ አንድን ቪዲዮ ለማይከተሉም ሰዎች ስለሚያሳይ 7,000 ተከታይ ያላት ልጅ 30,000 ካላት የበለጠ ልትታይ ትችላለች። ቁጥሩ በገንዘብ የተገዛ ሊሆንም ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዴቩሚ የተባለ ድርጅት ሐሰተኛ ተከታዮችንና ዕይታዎችን ሲሸጥ እንደነበር ገልጾ ክስ መሥርቶ ነበር። በዚያው ቀን ሳንደይ ራይሊ የተባለውን የቆዳ ቅባት አምራች ሠራተኞቹ እንደ ደንበኛ ሆነው አስተያየት በመጻፋቸው ከሶታል። የተገዛ ተከታይ ዘይት አይገዛም።

ስለዚህ ነጋዴዋ መጠየቅ ያለባት የመጨረሻዎቹን አሥር ቪዲዮዎች ዕይታ ነው። ከአሥሩ በጣም የታየውን ሳይሆን፣ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ትይዛለች። አንድ ጊዜ ቫይራል የሆነ ቪዲዮ ነገም ይደገማል ማለት አይደለምና። ቀጥሎ ተመልካቹ የት እንዳለ ታያለች፤ ስልኩ ላይ ያለውን የአገር ዝርዝር ልጅቷ እየነካካች በስክሪን ሪከርድ ብትልክላት ከፎቶ ይሻላል፣ ፎቶ ይነካካልና። በአማርኛ ለሚሠሩ ልጆች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ብዙ ተመልካቻቸው ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ሊሆን ይችላል። እነዚያ እህቶች ከልባቸው የሚያዩና የሚጽፉ ናቸው፤ ነገር ግን ጠርሙሱን በሞተር የምታደርሰው ከአዲስ አበባ ሳትወጣ ከሆነ አይደርሳቸውም። በመጨረሻም ኮሜንቶቹን ታነባለች። ልብና አበባ ብቻ ከተደረደረበት ይልቅ «ለደረቅ ጸጉር ይሆናል? ስንት ነው? የት ይገኛል?» ተብሎ የተጠየቀበትና ልጅቷም ቁጭ ብላ የመለሰችበት ገጽ ይበልጣል።

ስምምነቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ግን ይጻፍ። ጸጉር መታጠብ፣ መቅረጽ፣ ማሳመር፣ ለኮሜንት መመለስ ሲደመር አንዲት ቪዲዮ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትፈጃለች። ስለዚህ ለሥራው ቁርጥ ያለ ክፍያ ይኖራል፤ ግማሹ ሥራው ሳይጀመር፣ ቀሪው ቪዲዮው በተለቀቀ በሳምንት ውስጥ በቴሌብር። በሽያጭ ላይ ብቻ የተመሠረተ ኮሚሽን ፍትሐዊ ይመስላል፣ እኔ ግን እንደዚያ አይታየኝም፤ ዕቃው አልቆ ቢሆን፣ ስልክ የሚያነሳ ቢጠፋ፣ ሞተረኛው ቢዘገይ ልጅቷ በሌለችበት ጥፋት ትከፍላለች። ኮሚሽኑ በቁርጡ ላይ ሲጨመር ነው ደግ የሚሆነው።

ብዙ ጊዜ ጸብ የሚያስነሳው ግን ክፍያው ሳይሆን ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ የማን ነው የሚለው ነው። ነጋዴዋ ቪዲዮውን በራሷ ቻናል ላይ መለጠፍ ከፈለገች ለስንት ቀን እንደሆነ ይጻፋል። በገንዘብ አስተዋውቃ ብዙ ሰው ዘንድ ማድረስ ከፈለገች ሌላ ክፍያ ነው፤ ቲክቶክ ላይ ይህ የሚደረገው ልጅቷ ከራሷ ስልክ አውጥታ በምትሰጠው የፈቃድ ኮድ ሲሆን፣ ፈቃዱ የ7፣ የ30፣ የ60 ወይም የ365 ቀን ተብሎ ይመረጣል። ሳያስቡ 365 መስጠት የዓመት ፊትን በአንድ ቀን ዋጋ መሸጥ ነው። «የሌላ ሰው ምርት እንዳታስተዋውቂ» የሚል ካለም ለጸጉር ዘይት ብቻና ለአንድ ወር ይሁን፤ ስለ ሊፕስቲክ ማውራት የሚከለክላት ነገር የለም።

ዘይቱ ቪዲዮው ከመቀረጹ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ ይድረሳት። መጀመሪያ ክንዷ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብታ ሁለት ቀን ትጠብቅ፤ ካሳከካት ወይም ከቀላ ሥራው ይቀራል፣ የተከፈላትም አይመለስም። ከሞከረችው በኋላ ያልወደደችውን የመናገር መብት ይኑራት፤ «ሽታው ይከብዳል፣ ግን ጸጉሬ ሲበጠር እንደ በፊቱ አይነቀልም» የሚል አስተያየት ይታመናል። ነጋዴዋ የምታስተካክለው የተሳሳተ ዋጋን፣ አድራሻንና አጠቃቀምን ነው። አንድ ነገር ግን ከሁለቱም አፍ መውጣት የለበትም፤ ዘይቱ ራሰ በራነትን ያድናል፣ የረገፈ ጸጉር ያበቅላል ማለት። ያ የመድኃኒት ንግግር ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክላል። ገንዘብ ወይም ነጻ ዕቃ መቀበሏም ቪዲዮው ሲጀምር በአማርኛ ይነገር፦ «ይህ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው»። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ተቀምጣ ለአሜሪካ ተመልካች ለምትሠራ ልጅ ይህ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ግልጽ መመሪያ ነው፤ በነጻ የተሰጠ ዕቃም ጭምር ይነገራል።

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ። እኛ ዘንድ ግዢው የሚያልቀው በድረ ገጽ ላይ ሳይሆን በስልክና በቴሌግራም ወሬ ነው። ስለዚህ ሊንክ ብቻውን አይበቃም፤ በአፍ የሚነገር ኮድ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚቀለው የልጅቷ ስም ነው፦ «የእገሊትን ስም ስትጠሩ 50 ብር ይቀነስላችኋል።» በተጨማሪ የቴሌግራም ቻናል ለእያንዳንዷ ለየብቻ የመጋበዣ ሊንክ ማውጣትና በየትኛው ስንት ሰው እንደገባ ማሳየት ይችላል። ትዕዛዝ የምትቀበለው ልጅ ደግሞ ለሁሉም ደዋይ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፦ «የት አየሽን?»

በቁጥር እንየው። ዘይቱ 600 ብር ይሸጣል እንበል፤ ለነጋዴዋ እስከ ማሸጊያው 250 ብር ይፈጅባታል፣ ማድረሻውን ገዢው ይከፍላል። ስለዚህ ያለ ማስታወቂያ ከአንድ ጠርሙስ 350 ብር ይቀራታል። አምስት ልጆች መረጠች፤ ለእያንዳንዳቸው 3,000 ብር ቁርጥ ክፍያና 500 ብር የሚያወጡባት ሁለት ጠርሙሶች ሰጠች። ወጪዋ 17,500 ብር ሆነ። በኮድ ከሚሸጥ ጠርሙስ 50 ብር ለገዢው፣ 60 ብር ለልጅቷ ይቀነሳል፤ የሚቀረው 240 ነው። 17,500ን ለ240 ሲያካፍሉት ወደ 73 ይመጣል። በኮድ 73 ጠርሙስ ካልተሸጠ ወጪዋ አይመለስም ማለት ነው።

አራት ሳምንት አለፈ። ከሁሉ ብዙ ተከታይ የነበራት ልጅ 90,000 ጊዜ ታየች፤ በስሟ የተሸጠው 9 ነው። 7,000 ተከታይ ያላት፣ ዕይታዋም 11,000 ብቻ የሆነ ልጅ ግን 41 ጠርሙስ አሸጠች። የቀሩት ሦስቱ 17፣ 12 እና 3። ድምሩ 82፤ በ240 ሲባዛ 19,680 ብር። ወጪው ሲነሳ 2,180 ብር ይተርፋል። ብዙዎች እዚህ ላይ ደብተራቸውን ይዘጋሉ።

መዝጋት አልነበረባቸውም። ከዘመቻው በፊት በሳምንት 20 ጠርሙስ ይሸጥ ነበር፤ በአራት ሳምንት 80 ይሆናል። በዘመቻው ወር በጠቅላላ የተሸጠው 140 ነው፤ 82 በኮድ፣ 58 ያለ ኮድ። እንግዲህ ያለ ኮድ የሚገዙት ከ80 ወደ 58 ወርደዋል። 22ቱ የት ሄዱ? ሌላ የተለወጠ ነገር ከሌለ፣ ቀድሞም ሊገዙ የነበሩ ደንበኞች ቪዲዮውን አይተው ቅናሹን ወስደዋል። ቪዲዮዎቹ ያመጡት አዲስ ሽያጭ 82 ሳይሆን 60 ነው።

ሒሳቡን እንደገና እንሥራው። 82ቱ 19,680 ብር፣ 58ቱ 20,300 ብር፣ በድምሩ 39,980 ያስገባሉ። ወጪው 17,500 ሲነሳ 22,480 ይቀራል። ምንም ባታስተዋውቅ ኖሮ 80 ጠርሙስ በ350 ብር 28,000 ያስገባላት ነበር። ትርፍ የመሰለው ወር 5,520 ብር አጉድሏል።

ይህ ማለት ዘመቻው ከሽፏል ማለት ግን አይደለም፤ የጸጉር ዘይት ያልቃል፣ ያለቀበት ሰው ይመለሳል። ከ60ዎቹ አዳዲስ ገዢዎች 16ቱ አንዴ ተመልሰው በሙሉ ዋጋ ቢገዙ 5,600 ብር ይሆንና ጉድለቱ ይሸፈናል። ለዚህ የገዢዎቹ ስልክ ቁጥርና የገዙበት ቀን በአንድ ደብተር መያዝ አለበት፤ አንዱ ጠርሙስ ሁለት ወር የሚበቃ ከሆነ ውጤቱ የሚታወቀው ከግዢው በኋላ በአሥረኛው ሳምንት ገደማ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ቅናሹ ቁጥራቸው በደብተሩ ለሌለ አዲስ ገዢዎች ብቻ ይሆናል፤ ይህም ልጆቹ ከመስማማታቸው በፊት ይነገራቸዋል።

ያሁኑ ኮሚሽን ግን በ82ቱም ላይ ይከፈላል። ሃያ ሁለቱ የቆዩ ደንበኞች መሆናቸውን ነጋዴዋ ያወቀችው በኋላ ነው፤ ውሉ «በኮዱ የተገዛ» ይላልና 60 ብሩን መቁረጥ አይቻልም። 90,000 ጊዜ የታየችውም ልጅ ሙሉ 3,000 ብሯን ትወስዳለች። ይልቅ የሷን ኮሜንት ገልጦ ማየት ይጠቅማል፤ «ወደ ጂዳ ትልካላችሁ?» የሚለው ጥያቄ እየተደጋገመ ከሆነ ችግሩ ከልጅቷ ሳይሆን ከምርጫው ነበር።

አርባ አንድ ያሸጠችውስ? ቪዲዮዋ ላይ ሙዚቃም ትልቅ መብራትም የለም። ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ሹሩባዋን ፈትታ፣ ዘይቱን ከሥር እስከ ጫፍ እንዴት እንደምትቀባ ታሳያለች፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ለተጻፈላት ጥያቄ ሁሉ አንድ በአንድ መልሳለች። ኮሚሽኗ 2,460 ብር ነው። ነጋዴዋ ገንዘቡን ስትልክ ከጠቅላላው ሒሳብ የሷን ድርሻ፣ በየቀኑ ስንት ሰው ስሟን እንደጠራ ጭምር፣ አያይዛ ትልክላታለች። ልጅቷ ያንን ወረቀት ይዛ ለቀጣዩ ደንበኛ የራሷን ዋጋ ትጠራለች።