እየተሠራ የሚፈርሰው አሞኒያ

የአንድ ዩሪያ ጆንያ ክብደት 50 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ 46 በመቶው፣ ማለትም 23 ኪሎ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ያ ናይትሮጅን ከየትም አልተቆፈረም፤ ከአየር የተወሰደ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከአምስቱ እጅ አራት እጅ የሚጠጋው ናይትሮጅን ስለሆነ እጥረት የለም። ችግሩ ሌላ ነው። በአየር ውስጥ ያሉት የናይትሮጅን አተሞች ሁለት ሁለት ሆነው አጥብቀው ስለተያያዙ ሰብል ሊጠቀምባቸው አይችልም። ስለዚህ ፋብሪካው መጀመሪያ ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ አሞኒያ የሚባለውን ጋዝ ይሠራል፤ ከአሞኒያውም ዩሪያ ይሠራል።

ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ሲዋሃዱ የሚሆነው በአጭሩ ይህ ነው፦

N₂ + 3H₂ ⇌ 2NH₃

በመሀል ያሉት ሁለት ቀስቶች የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናቸው። አንዱ ቀስት አሞኒያ ሲሠራ ያሳያል፤ ሌላው ደግሞ የተሠራው አሞኒያ ፈርሶ ወደ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ሲመለስ። ሁለቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። እንዲህ ያለው ለውጥ ተመላላሽ አፀግብሮት ይባላል።

ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን በአንድ ብርቱ ዕቃ ውስጥ ዘግተን ብናሞቅ መጀመሪያ ላይ አሞኒያ ስለሌለ የሚፈርስ ነገር የለም፤ መሥራቱ ብቻ ይካሄዳል። አሞኒያው እየበዛ ሲመጣ ግን የሚፈርሰውም አብሮ ይበዛል፤ ናይትሮጅኑና ሃይድሮጅኑ ደግሞ እያነሱ ስለሚሄዱ የመሥራቱ ፍጥነት ይቀንሳል። በመጨረሻ በየሰከንዱ የሚሠራውና የሚፈርሰው አሞኒያ እኩል ይሆናል። ኬሚካዊ ሚዛን የሚባለው ይህ ነው። በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሚገባውና የሚወጣው ሰው እኩል ሲሆን የገበያተኛው ብዛት እንደማይለወጥ ሁሉ፣ በዕቃው ውስጥም የአሞኒያው መጠን ባለበት ይቆያል፤ ሞለኪውሎቹ ግን አንድም አፍታ አያርፉም።

ሚዛን ማለት ግማሽ በግማሽ ማለት አይደለም። የአሞኒያው ድርሻ 90 በመቶም ሆነ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ሚዛን ሊደርስ ይችላል። የት ላይ እንደሚቆም የሚወስኑት ሁኔታዎቹ ናቸው፤ የሙቀቱ፣ የግፊቱና በዕቃው ውስጥ ያለው የየጋዙ መጠን። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦንሪ ለ ሻተልዬ እ.ኤ.አ. በ1884 ይህን የሚገዛውን ደንብ አስቀመጠ፦ ሚዛን ላይ ያለን ነገር ከውጭ ብትነካኩት፣ የነካካችሁትን ለውጥ በከፊል ወደሚያቃልለው አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል።

ግፊትን እንውሰድ። በግራ በኩል አራት ሞለኪውሎች አሉ፤ አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን። በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ጋዙን ስንጨምቀው ሚዛኑ ጫናውን የሚያቀልበት መንገድ የሞለኪውሎቹን ቁጥር መቀነስ ነው፤ ይህም ወደ አሞኒያ መሄድ ማለት ነው። ለምሳሌ በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በተራ የከባቢ አየር ግፊት፣ ሚዛኑ ሲደርስ ከጋዙ ውስጥ አሞኒያ የሚሆነው 0.13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግፊቱን 200 እጥፍ ስናደርገው ግን ወደ 17.6 በመቶ ይደርሳል። ግራና ቀኙ እኩል የጋዝ ሞለኪውል ቢኖራቸው ኖሮ ግን የፈለገውን ያህል ብንጨምቅ ሚዛኑ ከቦታው አይነቃነቅም ነበር።

ሙቀት የሚሠራው በተቃራኒው ነው። አሞኒያ ሲሠራ ሙቀት ይወጣል፤ ሲፈርስ ሙቀት ይመጠጣል። ስለዚህ ዕቃውን ስናሞቀው ሚዛኑ ሙቀቱን ወደሚመጥጠው፣ ማለትም ወደ ማፍረሱ ያዘነብላል። በ200 እጥፍ ግፊት በ400 ዲግሪ የአሞኒያው ድርሻ 39 በመቶ ያህል ነው፤ በ500 ዲግሪ ወደ 18፣ በ600 ዲግሪ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። በ200 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ 86 በመቶ ያህል ይሆን ነበር።

ታዲያ ለምን በ200 ዲግሪ አይሠራም? ሚዛኑ የሚነግረን ጉዞው የት እንደሚያልቅ እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አይደለም። በዝቅተኛ ሙቀት የናይትሮጅን አተሞች እርስ በርስ የተያያዙበት ኃይል አልላላ ስለሚል አሞኒያው የሚሠራው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። ለማፋጠን ካታሊስት ይጨመራል። ካታሊስት ግን መሥራቱንም ማፍረሱንም እኩል የሚያፋጥን ነገር ነው፤ ወደ ሚዛኑ ቶሎ ያደርሳል እንጂ የሚዛኑን ቦታ አንዲት ጋት አያንቀሳቅስም። ብረት ካታሊስት ሆኖ በደንብ እንዲሠራ ደግሞ 400 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ፋብሪካው አጣብቂኝ ውስጥ ነው፤ ቢያሞቅ የአሞኒያው ድርሻ ያንሳል፣ ቢያቀዘቅዝ ሥራው አይንቀሳቀስም።

ለ ሻተልዬ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1901 በግፊት አሞኒያ ለመሥራት ሞክሮ ነበር። በጋዙ ውስጥ አየር ተቀላቅሎ ስለነበር ዕቃው ፈነዳ፤ እሱም ሥራውን ተወው። ከዚህ አጣብቂኝ መውጫውን ያገኘው በጀርመኗ ካርልስሩኸ ከተማ ይሠራ የነበረው ፍሪትስ ሃበር ነው። ሃበር የተጠቀመው በሦስተኛው መንገድ፣ በየጋዙ መጠን ነው። ሚዛን ላይ ከደረሰ ድብልቅ ውስጥ አሞኒያውን ብናወጣ የሚፈርሰው ያንሳል፤ መሥራቱ ግን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሚዛኑ የጎደለውን ለመተካት ወደ አሞኒያ ይሄዳል። ማውጣቱም አይከብድም። ሦስቱም ጋዞች ቢሆኑም አሞኒያ በተራ ግፊት ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ፣ በከፍተኛ ግፊት ደግሞ ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ፈሳሽ ይሆናል። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በዚያ ቅዝቃዜ ጋዝ ሆነው ይቀራሉ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 100 የናይትሮጅንና 300 የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች በ500 ዲግሪና በ200 እጥፍ ግፊት ወደ ካታሊስቱ ገቡ እንበል። ሚዛን ላይ ሲደርሱ 30 ናይትሮጅንና 90 ሃይድሮጅን ተዋህደው 60 አሞኒያ ሰጥተዋል። የተረፉት 70 ናይትሮጅንና 210 ሃይድሮጅን ናቸው፤ በድምሩ 340 ሞለኪውል፣ ከዚህም 60ው 17.6 በመቶ ነው። ይህን ድብልቅ እንዳለ መልሰን ካታሊስቱ ላይ ብንለቀው ምንም አዲስ ነገር አይገኝም፤ ሚዛን ላይ ነውና። አቀዝቅዘን 60ውን አሞኒያ በፈሳሽ መልክ ብናወጣ፣ በምትኩም 30 ናይትሮጅንና 90 ሃይድሮጅን ብንጨምር ግን እንደገና 100 እና 300 ይሆናሉ። ሁለተኛው ዙር ሌላ 60 ይሰጣል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። በአንድ ዙር ከናይትሮጅኑ የሚዋሃደው 30 በመቶ ብቻ ቢሆንም፣ ጋዙ እየዞረ ስለሚመለስ በመጨረሻ ሁሉም ማለት ይቻላል አሞኒያ ይሆናል። በእውነተኛው ፋብሪካ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሚዛን ላይ ሳይደርስ ስለሚወጣ የአንዱ ዙር ምርት ከዚህ ያነሰ ነው፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ሃበርና ረዳቱ ሮበርት ለ ሮሲኞል ይህን የሚያደርገውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1909 ከባስፍ ኩባንያ ለመጡ ሰዎች አሳዩ። ካታሊስቱ ኦስሚየም የሚባለው ብርቅ ብረት ነበር። ሲጀምሩ የአንዱ መገጣጠሚያ ብሎን ስለተሰበረ ለጥገና ሰዓታት ጠፉ፤ ከእንግዶቹ አንዱ የሆነው ካርል ቦሽ ሳይጠብቅ ሄደ። የቆየው አልቪን ሚታሽ ፈሳሽ አሞኒያ ጠብ ጠብ ሲል በዓይኑ አየ። ሚታሽ ኋላ በኦስሚየም ምትክ ርካሽና በቀላሉ የሚገኘውን የብረት ካታሊስት አገኘ፤ ቦሽ ደግሞ መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ የማሳደጉን ሥራ ያዘ።

ግፊቱ ሚዛኑን ቢያግዝም ዕቃውን ግን ይበላው ነበር። የቦሽ የመጀመሪያዎቹ የአረብ ብረት ቱቦዎች 80 ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ ፈነዱ። ቢመረመሩ ሃይድሮጅኑ ወደ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ለአረብ ብረት ጥንካሬ የሚሰጠውን ካርቦን አውጥቶታል። ቦሽ ያገኘው መፍትሔ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ውስጡን ካርቦን በሌለው ለስላሳ ብረት ለበጠው፤ ግፊቱን የሚሸከመውን የውጪውን አረብ ብረት ደግሞ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሳው። ሰርጎ የሚያልፈው ጥቂት ሃይድሮጅን ጉዳት ሳያደርስ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1913 በራይን ወንዝ ዳር፣ ኦፓው በተባለ ስፍራ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

ዛሬም የአሞኒያ ፋብሪካ ሠራተኞች ከዚሁ ሚዛን ጋር ነው የሚታገሉት። አንዱ ችግር የሚመጣው ከራሱ ከሥራው ነው። አሞኒያ ሲሠራ የሚወጣው ሙቀት ካታሊስቱን እያጋለ ስለሚሄድ፣ ሚዛኑ ወደ ማፍረሱ ያዘነብልና ሥራው በራሱ ሙቀት ይታገዳል። ለዚህ ነው ካታሊስቱ በተራራቁ ንብርብሮች የሚደረደረው፤ በየመሀላቸውም ጋዙ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ሌላው ችግር ስውር ነው። ከአየር የመጣ አርጎንና ከተፈጥሮ ጋዝ የቀረ ሚቴን ከማንም ጋር ሳይዋሃዱ በዙሪያ ጉዞው ውስጥ ይጠራቀማሉ። የግፊት መለኪያው እንደ ወትሮው 200 ያሳያል፤ ነገር ግን ከዚያ ግፊት የናይትሮጅኑና የሃይድሮጅኑ ድርሻ እያነሰ ነው። ምልክቱ ግፊቱና ሙቀቱ ሳይለወጡ በየዙሩ የሚገኘው አሞኒያ ማነሱ ነው። መድኃኒቱ ከሚዞረው ጋዝ ጥቂቱን ዘወትር ማስወጣት ነው፤ አብሮት ጥሩ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ግን ኪሳራ አለው።

ትልቁ ወጪ ያለው ሃይድሮጅኑን በማዘጋጀትና ጋዙን በመጭመቅ ላይ ነው። ሚዛኑ ራሱ ይህን ያህል ግፊት አይጠይቅም፤ በ200 ዲግሪ ቢሆን የከባቢ አየርን ግፊት 10 እጥፍ ብቻ ብናደርግ የጋዙ ግማሽ አሞኒያ ይሆን ነበር። ያን ሁሉ ግፊት ያስፈለገው ብረቱ በዚያ ሙቀት ስለማይሠራ ነው። ሩቴኒየም በሚባለው ውድ ብረት የሚሠሩ ካታሊስቶች ግፊቱን በተወሰነ ደረጃ ዝቅ ለማድረግ አስችለዋል፤ አብዛኛው የዓለም አሞኒያ ግን ዛሬም የሚሠራው በብረት ካታሊስት፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች አዲስ ካታሊስት ሲፈልጉ ሚዛኑን ለመለወጥ አይደለም፤ ሚዛኑ ለአሞኒያ ወደሚመችበት ዝቅተኛ ሙቀት ለመውረድ ነው።