በራሱ የሚከፈተው የመደርደሪያ በር

እህቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኗ ውስጥ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቺፕውድ መደርደሪያ አላት። የታችኛው የመስታወት በሩ ተዘግቶ አይቆይም፤ ገፍተው ሲዘጉት ቀስ ብሎ በራሱ ይከፈታል። ለዓመታት ሁላችንም ማጠፊያው የላላ መስሎን አለፍነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማበት ሌሊት ግን እህቴ መደርደሪያው ወደ ሳሎኑ ጎንበስ ቀና ሲል አየችው። አልወደቀም። ከሥሩ ምንጣፍ ላይ የአራት ዓመት ልጇ የሚጫወትበት ቦታ ነው። በማግስቱ ጎረቤት ያሉትን አናጺ ጠራቻቸው።

እኔ የጠበቅሁት ድሪል ይዘው እንዲመጡ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁት ክርና ቁልፍ ነው። ቁልፉን ክሩ ላይ አስረው ከመደርደሪያው አናት፣ ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ቁልቁል ለቀቁት፤ በአጭሩ ቱንቢ ሠሩ። ክሩ አናቱ ላይ ጠርዙን ይነካል፤ ታች ወለሉ ጋ ሲደርስ ግን ከመደርደሪያው 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርቋል። «ልጄ፣ በሩ ጤነኛ ነው» አሏት፤ «ቤቱ ነው ወደ ፊት የሚገፋው።» ወለሉ ወደ በረንዳው ያዘነብላል፤ በመደርደሪያው ጥልቀት ልክ ሲለካ የፊቱ እግር ከኋላው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቆሟል። ታች ያለችው ትንሽ ልዩነት ላይ ስትደርስ ትሰፋለች፤ ቁመቱ የጥልቀቱ ሰባት እጥፍ ገደማ ስለሆነ የአንድ ሚሊ ሜትር ዝቅታ አናቱን ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ያወጣዋል።

ይህ ለምን እንደሚያሰጋ በሚዛን ማሰብ ይቻላል። መደርደሪያው ሲወድቅ የሚገለበጠው በፊት ጠርዙ ላይ ነው። የራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ልጅ ሲንጠላጠልበት ደግሞ ወደ ፊት። 25 ኪሎ የሚመዝን ባዶ መደርደሪያ ቀጥ ብሎ ሲቆም የክብደቱ መሃል ከፊት ጠርዙ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው፤ 25 በ15 ሲባዛ 375 ይሆናል። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን የታችኛውን ንጣፍ ረግጦ ሰውነቱን 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሲለቅ 15 በ20፣ ማለትም 300 ነው። መደርደሪያው ይቆማል፤ በጭንቅ። አሁን የፊቱ እግር አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። የክብደቱ መሃል ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይመጣና የኋላው ጉተታ ወደ 290 ይወርዳል። ያው ሕፃን፣ ያው መደርደሪያ፣ አሁን ግን ይወድቃል። ከባድ መጻሕፍት ላይኛው ንጣፍ ላይ ከተደረደሩ ደግሞ ዝንባሌው የባሰ ይጎዳል፤ ክብደቱ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ፊት የሚመጣበት ርቀት ይጨምራልና።

ስለዚህ አናጺው ከታች ጀመሩ። መጻሕፍቱ ወረዱ፤ ከፊት በኩል ከጎን ሳንቃዎቹ ሥር 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የኮምፐርሳቶ ቁራጭ ገባ። ብዙ ቤት የታጠፈ ካርቶን ሲደረግ አይቻለሁ። ካርቶን ክብደት ሲያርፍበት ይጨፈለቃል፤ ወለል ሲወለወል ደግሞ ውሃ ይጠጣና በወሩ ዝንባሌው ይመለሳል። ቁራጩ ጫፉን ብቻ ሳይሆን የጎን ሳንቃውን ፊት በደንብ መደገፍ አለበት፤ ከጫፍ ላይ ብቻ ከተደገፈ ቺፕውዱ እዚያው ይፈረፈራል። ከዚያ በውሃ ልክ ከፊት ወደ ኋላም፣ ከግራ ወደ ቀኝም ታየ። በመጨረሻ በአራቱም ማዕዘን በእጅ ተገፋ፤ የትኛውም እግር አልተወዛወዘም።

ማሰሪያው ከዚህ በኋላ ነው። ያዘነበለ መደርደሪያ በማሰሪያ ቢታሰር ቀንና ሌሊት ብሎኑን ይጎትታል፤ የሚወዛወዝ ከሆነም ብሎኑን በየቀኑ ያላላዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ ግን ማሰሪያውን የሚጎትተው በአደጋው ሰዓት ብቻ ነው። ያን ጊዜም ማሰሪያው አናቱ ላይ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ከላይ ባየነው ስሌት፣ ልጁ ተንጠልጥሎ ሲቆይ ትርፉ ጉተታ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ወገቡ ላይ ቢታሰር እጥፍ ይሆናል። እውነተኛው ጠላት ልልነት ነው። ማሰሪያው አራት ጣት የሚያስገባ ከሆነ መደርደሪያው መውደቅ ከጀመረ በኋላ ይነጥቀዋል፤ ያ ንጥቂያ ብሎን ይነቅላል።

የእህቴ መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፤ ታች ያለው ዞኮሎ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያርቀዋል። አጫጭር የናይለን ማሰሪያዎች የተመረጡት ለዚህ ነው፤ ክፍተቱን ተሻግረው በመቆለፊያቸው ይጠብቃሉ። ሁለት ናቸው፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ፤ አንዱ ብቻ ቢሆን መደርደሪያው በእሱ ላይ ይዞራል። በፕላስቲክ የሽቦ ማሰሪያ የሚያስሩ አሉ። ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰበራል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ የዕቃ ማሰሪያዎች በዚሁ ምክንያት ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። የመደርደሪያው ጀርባ ስስ ስለሆነ ብሎን አይይዝም፤ ማሰሪያው የታሰረው ወፍራሙ የአናት ሳንቃ ላይ ነው፣ ብሎኑም ሳንቃውን በስቶ አልፎ ከሥሩ በሮንዴላ ተጠብቋል። በቺፕውድ ውስጥ ብቻ የሚቆም ብሎን አንዴ ተፈትቶ ከተመለሰ ያላላል።

ግድግዳው ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ልስኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን አጭር ፊሸር ግማሹ ልስን ውስጥ ይቀራል፣ ልስን ደግሞ ምንም አይይዝም። አናጺው በ8 ሚሊ ሜትር መሮ ሲበሱ አቧራውን እያዩ ነበር፤ መጀመሪያ ፈዛዛ የልስን አቧራ፣ ከዚያ ግራጫ የብሎኬት። ግራጫው ሲጀምር የድሪሉን ምት አጠፉት፤ ምቱ ስሱን የብሎኬት ግድግዳ ከውስጥ በኩል ይሸርፈዋል። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ፊሸሩ ከብሎኑ ጋር አብሮ ዞረ። አብሮ የሚዞር ፊሸር አልያዘም ማለት ነው። ክብሪት እንጨት ጠቅጥቆ ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ እሳቸው ግን ቀዳዳውን ትተው አሥር ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን በሱ፣ ባዶው ውስጥ ገብቶ የሚታጠፍ ረጅም ፊሸርም ተጠቀሙ። ከማብሪያና ማጥፊያው በላይ ያለውን መስመር አልነኩም፤ ሽቦ ብዙውን ጊዜ በዚያ ይወርዳል። መደርደሪያው የኮንክሪት ኮለን አጠገብ ሊቆም የሚችል ቢሆን ኖሮ እዚያ መብሳት ይሻል ነበር።

የጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸር ከነአካቴው አይረዳም። ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ቋሚውን እንጨት ፈልጎ ረጅም የእንጨት ብሎን በቀጥታ እሱ ላይ ማሰር ነው። አሜሪካ ያለ ወገንም በጂፕሰም ግድግዳ ቤት ይህንኑ ያደርጋል፤ ከጂፕሰሙ በስተጀርባ ያሉት ቋሚዎች ብዙውን ጊዜ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ የቆሙ ናቸው።

ሲጠናቀቅ ከባዶቹ መጻሕፍት ታች፣ ቀላሎቹ ላይ ተመለሱ። አናጺው አናቱን ይዘው ጎተቱት፤ አልተነቃነቀም። ከወር በኋላ ስናየው አንዱ ማሰሪያ ጥቂት ላልቶ ስለነበር በመቆለፊያው ሳብነው። የመስታወቱ በር ከዚያ ቀን ወዲህ እንደተዘጋ ነው።