ያውቁ ኖሯል? ሞላ ማጠንከር መኪናን ቶሎ አያረጋጋም

ከፊት ጎማ በላይ ያለውን የመኪና አካል 5 ሳንቲሜትር ተጭነው ቢለቁት፣ ወደ ቦታው ሲመለስ ቦታውን አልፎ እንደሚሄድ ያውቁ ኖሯል? መሐንዲሶች ይህን ትርፍ ኦቨርሹት ይሉታል። ጤነኛ አሞርዛተር ያለው መኪና 1.9 ሳንቲሜትር ያህል ያልፋል። አሞርዛተሩ ያለቀበት ግን 3.6 ሳንቲሜትር!

የትርፉን መቶኛ የሚወስነው አንድ ቁጥር ብቻ እንደሆነስ? ዳምፒንግ ሬሾ ይባላል፤ ምልክቱ ζ (ዜታ) ነው። የመኪናው ክብደት፣ የሞላው ጥንካሬና የአሞርዛተሩ ኃይል ተጣምረው ይወስኑታል። ζ 0.3 ሲሆን ትርፉ 37 በመቶ፣ 0.1 ሲሆን 73 በመቶ፣ 0.7 ሲሆን 5 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ζ ን 1 አድርጎ መገላገል አይሻልም? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1 መኪናው ቦታውን ፈጽሞ አያልፍም፤ ግን ይንቀረፈፋል። በሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚወዛወዝ መኪና እንውሰድ። ከጉዞው 10 በመቶ ተነስቶ 90 በመቶ ለመድረስ (ይህ ራይዝ ታይም ነው) በ0.3 የሚፈጅበት 0.21 ሴኮንድ ነው፤ በ1 ግን 0.53 ሴኮንድ። ከመድረሻው በ5 በመቶ ልዩነት ውስጥ ገብቶ ለመቅረት ደግሞ በ0.7 0.46 ሴኮንድ ሲበቃው፣ በ1 0.75 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ትንሽ አልፎ የተመለሰው ቀድሞ ይረጋል ማለት ነው።

የመርጊያው ጊዜ፣ ማለትም ሴትሊንግ ታይም፣ ከሞላው ጥንካሬ ጋር ጉዳይ የለውም ቢባል ያምናሉ? ζ ከ1 በታች በደንብ ዝቅ ሲል፣ በ2 በመቶ ልዩነት ውስጥ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ በግምት ይህ ነው፦

8 × m ÷ c

m ክብደቱ፣ c የአሞርዛተሩ የማርገብ ኃይል ነው። ሞላው የለበትም! ጭነት በዛብኝ ብሎ ባሌስትራው ላይ ብረት የሚያስጨምር ባለመኪና አሞርዛተሩን ሳይነካ ቢተው፣ መኪናው ቁመቱን ይጠብቅለታል እንጂ ቶሎ አይረጋለትም። ሞላው በ44 በመቶ ቢጠነክር ζ ከ0.3 ወደ 0.25 ይወርዳል፤ ትርፉም ከ37 ወደ 44 በመቶ ያድጋል። መኪናው በፍጥነት ይነጥራል፤ መነጠሩን የሚያቆመው ግን በዚያው ሰዓት ነው።

ጭነቱ ራሱ ደግሞ m ን ስለሚጨምር፣ መርጊያውን በቀጥታ ያረዝመዋል።

በእጅ ተጭኖ የመፈተኑ ነገር ግን ወሰን አለው። አሞርዛተር አብዛኛውን ጊዜ ሲዘረጋ ከሚይዘው ያነሰ ነው ሲጨመቅ የሚይዘው፤ የጎማና የመገጣጠሚያ ሰበቃም በትንሽ ግፊት ጊዜ ውዝዋዜውን ይበላዋል። ስለዚህ ለቀው ሦስት አራት ጊዜ ቢነጥር አሞርዛተሩ ማለቁን ይመኑ፤ ቀጥ ብሎ ቢቆም ግን ደህንነቱን ገና አላረጋገጡም።