ሁለት ጎማ ያለው ሮቦት መወዛወዙን እንዲተው

ዱላ በመዳፉ ላይ አቁሞ የያዘ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ ዱላው ወዳዘነበለበት እጁን ያስከትላል። ሁለት ጎማ ያለው ሮቦትም ወደሚወድቅበት አቅጣጫ ጎማውን ያሽከረክራል። በምን ያህል ኃይል እንደሚያሽከረክር የሚወስነው ፒአይዲ የሚባለው ስሌት ነው፦

```
e = angle - target;
u = Kp*e + Ki*sumE + Kd*gyro;
```

`u` ለሞተሩ የሚላከው ትእዛዝ ነው፤ በአርዱይኖ ኡኖ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው 255 ነው። `Kp` የአሁኑን ዝንባሌ ይመለከታል፣ `Kd` ዝንባሌው የሚለወጥበትን ፍጥነት፣ `Ki` ደግሞ የተጠራቀመውን ስህተት።

ሥራው የሚጀመረው `Ki` እና `Kd`ን ዜሮ አድርጎ `Kp`ን ቀስ በቀስ በመጨመር ነው። ሮቦቱ ራሱን ማንሳት ሲጀምር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ቀጥ ወዳለበት ቦታ ሲደርስ ፍጥነት ስላለው አልፎት ይሄዳል። ያንን ፍጥነት የሚገታው `Kd` ነው። በእጅ ገፋ ሲያደርጉት አንዴ ወይም ሁለቴ ተወዛውዞ እስኪቆም ድረስ `Kd`ን መጨመር ነው። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ማንዘር ከጀመረ ግን በዝቷል፤ የሴንሰሩን ጥቃቅን መዛባት እያጎላ ነው፣ ይቀነስ። `Ki` የመጨረሻው ነው፣ እሱም በጥቂቱ፤ ሲበዛ ቀስ እያለ የሚሰፋ ውዝዋዜ ያመጣል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ቁጥሩን ቢቀያይርም የማይጠፋ ውዝዋዜ ሲገጥመው ነው። ያኔ መፈተሽ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ ትእዛዙ 35 እስኪደርስ ድረስ አይዞርም እንበል። `Kp` 20 ከሆነ፣ 35 ለ20 ሲካፈል 1.75 ነው። ስለዚህ ሮቦቱ በዝግታ ሲያዘነብል 1.75 ዲግሪ እስኪሞላ ጎማው ዝም ይላል፤ ከዚያ ድንገት ይነሳና ወደ ሌላኛው ጎን ይገፋዋል። መፍትሔው `u` ወደሚያመለክተው አቅጣጫ 35 መደመር ነው። ቁጥሩን ለማግኘት ሮቦቱን መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ጎማው እስኪነቃነቅ ትእዛዙን አንድ አንድ እያሉ መጨመር ይበቃል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ መዘግየት ነው። ስሌቱ በየ5 ሚሊ ሰከንዱ እንዲሠራ ታስቦ፣ ዝንባሌውን ኮምፒውተር ላይ ለማየት በእያንዳንዱ ዙር `Serial.print` ተጨምሮ ይሆናል። በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል ለመላክ 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ 20 ፊደል ሲላክ መላኪያው ይሞላና ስሌቱ ወደ 20 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። ክብደቱ ከጎማው ዘንግ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለ ሮቦት በዚያ ጊዜ ውስጥ ዝንባሌው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል። የዙሩን ጊዜ በ`micros()` መለካት ጥርጣሬውን ይቆርጠዋል፤ ፍጥነቱን ወደ 115200 ማሳደግ ደግሞ የመላኪያውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ሰከንድ በታች ያወርደዋል።

ባትሪውን ወደ ላይኛው ወለል ማውጣትም ይረዳል። ክብደቱ ከፍ ሲል ሮቦቱ የሚወድቀው በዝግታ ስለሆነ ስሌቱ የሚደርስበት ጊዜ ያገኛል፤ ሞተሩ ግን የበለጠ ጉልበት ሊኖረው ይገባል።